አንድ ፕሌት፣ ሦስት ወሰኖች፦ የዓረቢያ ፕሌት ከአፋር እስከ ዛግሮስ

ስለ ፕሌት ወሰኖች የሚያስረዱ የመማሪያ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ የወሰን ዓይነት ምሳሌውን ከተለያየ የዓለም ክፍል ማምጣት ይወዳሉ፤ ለተራራቂው አይስላንድን፣ ለተጋጪው ጃፓንን፣ ጎን ለጎን ለሚንሸራተተው ካሊፎርኒያን። አቀራረቡ ለማስታወስ ቢያመችም ሦስቱ ወሰኖች እርስ በርስ የማይገናኙ ክስተቶች እንዲመስሉ ያደርጋል። አንድ ፕሌት ይዘን ዳርቻውን ብንከተል ግን ሦስቱም የአንድ ጉዞ ውጤቶች ሆነው እናገኛቸዋለን። ለዚህ የዓረቢያ ፕሌት ጥሩ ማሳያ ነው፤ አንዱ ማዕዘኑም አፋር ላይ ያርፋል።

የዓረቢያ ፕሌት ከአፍሪካ ተለይቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። በደቡባዊ ቀይ ባሕርና በሰሜን አፋር በኩል የሚርቅበት ፍጥነት በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይገመታል፤ የሰው ጥፍር እንኳ ከዚህ ፈጥኖ ያድጋል። ፕሌቱ በዚህ ጉዞው ከኋላው ክፍተት ይተዋል፣ በምዕራብ ጎኑ ጎረቤቱን ይፈትጋል፣ ከፊቱ ደግሞ የእስያን አህጉር ይገፋል።

ከኋላው በሚተወው ክፍተት እንጀምር። ሁለት ፕሌቶች ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው ቅርፈ ምድር ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ መካከሉም ወደ ታች ይሰምጣል። ከሥሩ ያለው የማንትል ዐለት ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ላይ ይነሣል። ይህ ዐለት ሲነሣ ሙቀቱ ብዙም አይቀንስም፤ በላዩ የነበረው ጫና ግን ይቀልለታል። የዐለት የመቅለጫ ሙቀት ከጫናው ጋር ስለሚወርድ አዲስ ሙቀት ሳይጨመርለት በከፊል ይቀልጣል። ከዚህ የሚገኘው ቅልጥ ዐለት በአብዛኛው ቀጭንና በቀላሉ የሚፈስ ባዛልት ነው። ኤርታሌ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሆኖ ሳለ ጎኑ እንደ ተገለበጠ ምጣድ ዝርግ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መራራቁ ግን በየዓመቱ በእኩል መጠን የሚከናወን አይደለም። በመስከረም ወር 2005 እ.ኤ.አ. በአፋር ዳባሁ አካባቢ የታየው ክስተት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የቅልጥ ዐለት ግድግዳ ከመሬት በታች ገብቶ ቅርፈ ምድሩን እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፈተው። ይህ የታወቀው ከክስተቱ በፊትና በኋላ በሳተላይት የተነሡ የራዳር ምስሎች ተነጻጽረው የመሬቱ ገጽ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ በመለካቱ ነው። 8 ሜትርን በዓመት ለ16 ሚሊ ሜትር ብናካፍለው 500 ዓመት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ፕሌቶቹ ለአምስት ምዕተ ዓመታት ያህል ሲለጥጡት የኖሩት መሬት በአንድ ወቅት ለቀቀ።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን መንቀጥቀጡ ነው። በእነዚያ ሳምንታት በርካታ የመሬት መንቀጥቀጦች ቢመዘገቡም የአንዳቸውም መጠን 6 አልደረሰም። መንቀጥቀጦቹ በአንድነት ሲደመሩ ከጠቅላላው የመሬት መከፈት ሊያስረዱ የሚችሉት ከአሥር በመቶ በታች ነው። የቀረውን ሥራ የሠራው ቅልጥ ዐለቱ ነው፤ ዐለቱን ገፍቶ ቦታውን ስለ ያዘ ብዙው መከፈት ያለ ከባድ መንቀጥቀጥ ተፈጸመ። ከዚህ በላይ በሞቃት የስምጥ ሸለቆ ወለል ሥር ሊሰበር የሚችለው ደረቅና ቀዝቃዛ ንብርብር ስስ ነው። የመንቀጥቀጥ መጠን የሚወሰነው በሚሰበረው ገጽ ስፋትና በመንሸራተቱ ርዝመት ስለሆነ ስስ ንብርብር ትልቅ መንቀጥቀጥ ለማስተናገድ አቅሙ ውስን ነው።

አሁን ወደ ምዕራብ ጎኑ እንሂድ። ቀይ ባሕር በሰሜን ጫፉ ወደ ዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ሲታጠፍ የመራራቁ አቅጣጫ ከወሰኑ ጋር ጎን ለጎን ይሆናል። ከዚያ እስከ ደቡብ ቱርክ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የሙት ባሕር ስብራት የተንሸራታች ወሰን ነው። በሁለቱ ጎኖች የሚገኙ ተመሳሳይ የዐለት ንብርብሮች ዛሬ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ይገኛሉ። እዚህ ቅርፈ ምድር አይፈጠርም፣ አይጠፋምም፤ ማንትሉን ወደ ላይ የሚስብ ክፍተት ስለሌለ ወሰኑ ራሱ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት የለውም። መልክዓ ምድሩን የሚቀርጸው የስብራቱ መታጠፍ ነው። መስመሩ ወደ ጎን ዘወር ብሎ ክፍተት በሚተውበት ቦታ መሬቱ ይሰምጣል፤ ሙት ባሕር ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ የወረደው ለዚህ ነው። በተቃራኒው በሚታጠፍበት በሊባኖስ ደግሞ ሁለቱ ጎኖች ስለሚጫጫኑ ተራራ ይነሣል።

በዚህ ወሰን ላይ የተከማቸውን ጉልበት የሚያስተነፍስ ቅልጥ ዐለት የለም፤ ዐለቱም ቀዝቃዛ ነው። ስብራቱ ለብዙ ዘመን ተቆልፎ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይለቃል። ከሙት ባሕር ስብራት ጋር በሚገናኘው የምሥራቅ አናቶሊያ ስብራት ላይ የካቲት 6 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የደረሰው መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ሰበረ፤ በቱርክና በሶርያም ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ። አንድ መጠን 7.8 መንቀጥቀጥ የሚለቀው ጉልበት መጠን 6 ከሚለቀው 500 እጥፍ ገደማ ነው። የዳባሁና የቱርክ ልዩነት በዚህ ቁጥር ይጠቃለላል።

ከፊት ለፊት ያለው ወሰን ዛሬ ሁለት ገጽታ አለው። በኢራን ደቡብ ምሥራቅ፣ በመክራን ጠረፍ፣ የውቅያኖስ ወለል አሁንም በእስያ ሥር ይጠልቃል። የሚጠልቀው ወለል በማዕድናቱ ውስጥ የያዘውን ውኃ በጥልቀት ይለቃል፤ ውኃውም ከላይ ያለውን የማንትል ዐለት የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። አፋር ላይ ጫናው በመቀነሱ የቀለጠው ዐለት እዚህ ውኃ በመጨመሩ ይቀልጣል። የሚወጣው ቅልጥ ዐለት ወፍራምና ጋዝ የታፈነበት ስለሚሆን እንደ ታፍታን ያለ ሾጣጣ ተራራ ይሠራል። የሁለቱ ፕሌቶች መገናኛ ገጽ ሰፊና በዝግታ ያዘቀዘቀ በመሆኑ በ1945 እ.ኤ.አ. መጠኑ ከ8 ያላነሰ መንቀጥቀጥና ሱናሚ አስከትሏል።

በስተ ምዕራብ፣ በዛግሮስ፣ ውቅያኖሱ አስቀድሞ አልቋል። ሁለቱም ወገኖች አህጉራዊና ቀላል በመሆናቸው አንዱ በሌላው ሥር በቀላሉ ሊሰጥም አይችልም፤ ስለዚህ ንብርብሩ እንደ ተገፋ ምንጣፍ እየታጠፈ ረጃጅም ተራሮችን ሠርቷል። የሚጠልቅ ወለል ስለሌለ እሳተ ገሞራው ደክሟል፤ መንቀጥቀጡ ግን ቀጥሏል። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. በኢራንና ኢራቅ ድንበር የደረሰው መጠኑ 7.3 ነበር።

በዚህ ምድብ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል፤ በተለይ ለእኛ አገር አንባቢ። «ኢትዮጵያ በተራራቂ ወሰን ላይ ስለሆነች መንቀጥቀጧ መካከለኛ ነው» የሚለው ድምዳሜ የተነሣው ከሞቃቱ የሸለቆ ወለል ነው። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለው ቅርፈ ምድር ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው፤ መከፈቱን የሚሸከም ቅልጥ ዐለትም በአቅራቢያው ላይገኝ ይችላል። በ1961 እ.ኤ.አ. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መጠኑ 6.5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው በዚህ ጠርዝ ላይ ነበር። በወለሉም ቢሆን ከ2024 መጨረሻ ወራት ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ ዐለት ሲገባ ከታዩት መንቀጥቀጦች ትልቁ፣ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የደረሰው፣ መጠኑ 6 ገደማ ነበር። አንድን አካባቢ ለመገምገም የወሰኑን ስም ማወቅ አይበቃም፤ ሊሰበር የሚችለው ንብርብር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነና ከመራራቁ ምን ያህሉን ቅልጥ ዐለት እንደሚሸከመው በየቦታው መለካት አለበት።