ያደርነው እኛ ነን፣ ዳቦው አይደለም
(ስለ አንድ የዳቦ ቤት መለያ ቃል)

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ሰፈር የጓደኛዬ ቤተ ሰብ ዳቦ ቤት አለው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ዝናብና ፀሐይ ያጠፋው የበሩ ሰሌዳ እንደ ገና ሊጻፍ ሆነ። ሰዓሊው ከስሙ ሥር አንዲት መስመር ባዶ ቦታ ትቶ «እዚህ ላይ ምን ይጻፍ?» ብሎ ጠየቀ። አባትዬው ወደ እኛ ዘወር ብለው «ተማሪዎች አይደላችሁም እንዴ? አንድ ቃል ፈልጉልና» አሉን። ነገሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎን ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብን። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተማርነውን ለአንባቢ ማካፈል ስለ ፈለግሁ ይኸን ጻፍሁ።

ከስም ሥር የምትቀመጥ ይህች አጭር ቃል መለያ ቃል ትባል። ስሙ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ መለያ ቃሉ ደግሞ ከሌላው ቤት በምን እንደሚለይ ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን ያመጣነው «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ነበር። የጓደኛዬ እኅት ሰማችና «ይኸንን ጫማ ቤትም ይጽፈዋል፣ ባንክም ይጽፈዋል» አለችን። እውነቷን ነው። አንድን መለያ ቃል ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ ቃሉን አንሥቶ በሌላ ሱቅ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። እዚያም ያለ ችግር ከተቀመጠ ስለዚህ ቤት የተናገረው ነገር የለም ማለት ነው።

በአገራችን ይኸን ፈተና ያለፈ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በቱሪስት ድርጅት ሳሉ ያስተዋወቋት «የ13 ወር ፀጋ» የምትለው ቃል እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያን ለጎብኚ ስታስተዋውቅ ኖራለች፤ ከዚያ ወዲያ «ምድረ ቀደምት» ተተካች። የቃሏ ጉልበት የተገኘው ከውዳሴ አይደለም። ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር መሆኗ ማንም ቍጥር ቈጥሮ የሚያረጋግጠው ነገር ነው። ለውጭው ሰው የተነገረው ግን በዓሥራ ሦስቱም ወር ፀሐይ አለ ተብሎ ነበርና፣ በሐምሌ የመጣ መንገደኛ ዝናቡን አይቶ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዚህ የምንማረው፣ ጥሩ መለያ ቃል እውነት በሆነ ነገር ላይ እንደሚቆም፣ ያላግባብ የለጠጠው ክፍል ደግሞ አንድ ቀን እንደሚጋለጥ ነው።

ስለዚህ እውነቱን ለመፈለግ ሌሊት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ማቡኪያው ውስጥ ይገባሉ። ቡኮው ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ሊጡ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ኩፍ እስኪል ይቀመጣል። ባሕር ዳር ሞቃት በመሆኗ ሊጡ ቶሎ ይነሣል፤ ጋጋሪው ትንሽ ካንቀላፋ ሊጡ ከልክ በላይ ቦክቶ ይኮመጥጣል፣ ምድጃ ውስጥም ይተኛል እንጂ አይነፋም። ቀጥሎ ሊጡ ተቈርጦ ይድበለበላል፣ በላሜራ ላይ ተደርድሮ እንደ ገና ለሦስት ሩብ ሰዓት ይነሣል። ምድጃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል። የመጀመሪያው ላሜራ የሚወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። በዚያን ሰዓት በር ላይ የሚጠብቁ አሉ፤ አውቶቡስ የሚሳፈር መንገደኛ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ዓሣ አጥማጅ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለተኛውን ቃል ጻፍን፤ «ጎህ ሳይቀድ የወጣ ዳቦ»። ደስ አለን። አባትዬው ግን «ጎህ የሚቀደው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አማርኛችን ለማለዳ ብዙ ደረጃ አለው። ዶሮ ሲጮህ የሚባለው ሰዓት የለውም፤ ዶሮ በሌሊት ደጋግሞ ይጮኻልና። ጎህ ሲቀድ ማለት በምሥራቅ የመጀመሪያው ብርሃን ሲታይ ነው። ወገግ ሲል ደግሞ ሰው ከሰው የሚለይበት ነው። ፀሐይ ስትወጣ የሁሉም መጨረሻ ነው። በባሕር ዳር ፀሐይ በሰኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ትወጣለች፤ በጥር ግን ወደ 12 ሰዓት ከ50 ትጠጋለች። ጎህ ከዚህ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቀዳል። እንግዲህ በ10 ሰዓት አካባቢ የወጣ ዳቦ በየትኛውም ወር «ጎህ ሳይቀድ» ሊባል ይችላል። መብራት ጠፍቶ ምድጃው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ግን በሰኔ ቃሉ ይፈርሳል፣ በጥር ይቆማል። ቃሉን የመረጠ ሰው ይኸን ልዩነት ማወቅ አለበት።

ሆኖም ከዚህ የባሰ ችግር ነበረበት። ይኸንን ያስተዋለችው እኅቲቱ ናት። እርሷ ከሰዓት በኋላ ሻጭ ናት። «ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ሰሌዳውን አንብቦ ምን ያስባል?» አለችን። ጎህ ሳይቀድ የወጣ ዳቦ በምሽት ዕድሜው ዓሥራ አራት ሰዓት ነው። ጧት የሚያስመሰግነው ቃል ማታ ያሳጣል ማለት ነው።

ታዲያ «ትኩስ ዳቦ» ብንልስ? በአማርኛ ትኩስ ማለት የሚያቃጥልም አዲስም ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የወጣ ዳቦ በአንድ ሰዓት ያህል ውስጥ ይቀዘቅዛል። ሳይቀዘቅዝ በፌስታል ከታሰረ ደግሞ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያልመዋል። ከዚህም በላይ ትኩስነት አዲስነትን አያረጋግጥም። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለ ወጣ ብቻ አይደለም። ሲጋገር የላላው የስንዴው ስታርች ሲቀዘቅዝና ሲያድር እንደ ገና ተያይዞ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በደንብ የተሸፈነ ዳቦ እንኳ ያድርና ይጠነክራል። ይህ ጥንካሬ ደግሞ በሙቀት ለጊዜው ይፈታል። በመሆኑም የትናንቱን ዳቦ ምድጃ ውስጥ መልሶ ማሞቅና «ትኩስ» ብሎ መሸጥ ይቻላል። ቃሉ ውሸት አይሆንም፤ ገዢው ግን ተታሏል። እንዴት ይታወቃል ቢባል፣ ተመልሶ የሞቀ ዳቦ ሲቀዘቅዝ ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ይጠነክራል፣ ውስጡም ሲቈረስ ይፈረፈራል። አዲሱ ግን ሲጫኑት ጐድጐድ ብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ገዢው በእውነት የሚፈራው ምንድን ነው ብለን ጠየቅን። መልሱ ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት በር ላይ በሚጠይቀው ጥያቄ ውስጥ ነበር፤ «ያደረ ነው እንዴ?» ማንም «ስንት ሰዓት ወጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ማደር የምትለው ግሥ ሁለት ነገር ትይዛለች፤ ዳቦ ሲያድር ያረጃል፣ ሰው ሲያድር ይተጋል። በዚያ ቤት ደግሞ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ቃላችን እንዲህ ሆነ፤ «እኛ እናድራለን፣ ዳቦው አያድርም»።

ጮክ ብለን ለአያትዬው አነበብንላቸው። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ የሰሙትን ብቻ ነው የሚፈርዱት። ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፣ ዳቦው አያድርም ስትሉ፣ ቶሎ ይሻግታል ማለታችሁ ነው?» አሉን። አፈርን። ለካስ አያድርም ማለት ለነገ አይቆይም ማለትም ነው! ለልጆቿ ቁርስ ከማታ ገዝታ የምታስቀምጥ እናት ይኸን ብትሰማ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች። በወረቀት ላይ ያማረ ቃል በጆሮ ሲገባ ሌላ ይሆናልና፣ ከጽሑፉ ውጭ ለሆነ ሰው ሳያነቡ ሰሌዳ ላይ ማጻፍ አይገባም።

ያረሙትም ራሳቸው ናቸው። «ያደርነው እኛ ነን በሉ፤ ዳቦው አይደለም» አሉ። በዚህ አነጋገር ስለ ነገ የተባለ ነገር የለም፤ የተባለው ስላለፈው ሌሊት ብቻ ነው። ጧትም እውነት ነው፣ ማታም እውነት ነው፤ ጧት የወጣ ዳቦ ማታ ቢቀዘቅዝ እንኳ ያደረ አይባልምና። ሰዓት ስላልጠቀሰ መብራት ቢጠፋም አይፈርስም። በጫማ ቤት ሰሌዳ ላይም አይቀመጥም።

አባትዬው ግን ቶሎ እሺ አላሉም። ማታ የተረፈውን ምን እናድርግ ነው ጥያቄያቸው። ለምሳሌ በቀን 600 ዳቦ ጋግረው 30 ቢተርፍ፣ እስከ አሁን በማግሥቱ ጧት ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። ይህ ቃል ከተጻፈ በኋላ ግን ከእነዚያ 30 አንዱ እንኳ ቢሸጥ ሰሌዳው ውሸታም ይሆናል። የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የሰፈር ሰው ግን አዋጁን ሳይጠብቅ ይፈርዳል። ከሃያው አንድ ዳቦ ማጣት ለትንሽ ቤት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ የሌሊቱን ቡኮ ትንሽ ቀንሶ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ትንሽ ቡኮ መጨመር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የተረፈውን በቅናሽ መሸጥ፣ ከዚያም የቀረውን ሌሊቱን ለሚያድሩት ሠራተኞችና ለደጁ ችግረኛ መስጠት። አንዲት መስመር የሥራውን ሰዓት ለወጠችው።

አንድ ነገር ቀረ። ሊጥ አድበልባዩ ልጅ፣ የሌሊት ሠራተኛው፣ ሰሌዳው ሲጻፍ ቆሞ ያይ ነበር። «እኛ የሚለው እኔንም ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባትዬው «አዎ፣ አንተንም ነው» አሉት። «እንግዲያውስ የአዳር ክፍያዬ ይታሰብልኝ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። እናትዬው ሳቁን አቁመው «ልጁ ልክ ነው» አሉ፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮም ተጨመረለት። «እኛ» ብሎ በአደባባይ የጻፈ ሰው፣ በዚያ ቃል ውስጥ ያሉትን ቈጥሮ ማወቅ ይኖርበታል።

ሰሌዳው አሁን ተሰቅሏል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ከስሙ ሥር አምስት ቃላት ብቻ አሉ። ባሕር ዳር የሚወርድ ተማሪ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በሌሊት ቢያልፍ፣ በር ላይ ከቆሙት ጋር ተሰልፎ አንዱን ይግዛና በጣቱ ጫን አድርጎ ይፈትነው።