የአይፎን ማዳመጫ በሳምሰንግ ስልክ፦ ምን ይሠራል፣ ምን ይጎድላል?

ገመድ አልባ ማዳመጫ ከሌላ ኩባንያ ስልክ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያጣ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ድምፁ ይሰማል፣ ሌላው ሁሉ ይቀራል» የሚል ነው። ይህ መልስ ገዢውን አይረዳውም። ከሚቀሩት ነገሮች አንዳንዶቹ በእርግጥ የስልኩን እገዛ የሚሹ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ማዳመጫው ከማን ጋር እንደሚነጋገር አምራቹ አስቀድሞ ስለወሰነ ብቻ የቀሩ ናቸው። ልዩነቱን ለማየት አንድ ጥንድ እንውሰድ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ሁለተኛውን ኤርፖድስ ፕሮ ከሳምሰንግ ጋላክሲ ስልክ ጋር። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ኤርፖድስ እኛ ዘንድ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው እጅ መግባቱ የተለመደ ስለሆነ ጥንዱ እንግዳ አይደለም።

ሁለቱ የሚግባቡት በብሉቱዝ ነው። ብሉቱዝ የአፕልም የሳምሰንግም ንብረት ሳይሆን አምራቾች ሁሉ የሚጋሩት ደንብ ነው። ኤርፖድሱን ከማስቀመጫው ሳያወጡ ክዳኑን ከፍቶ ከኋላው ያለውን ቁልፍ ነጭ መብራት ብልጭ ድርግም እስኪል መጫን፣ ከዚያም በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ስሙን መንካት ይበቃል። ሙዚቃ መላክ፣ ስልክ ማነጋገር፣ ግንዱን አንዴ ተጭኖ ማቆም፣ ሁለቴ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ዘፈን ማለፍ በጋራው ደንብ የተጻፉ ስለሆኑ ይሠራሉ። የድምፁ ጥራትም ሰዎች እንደሚፈሩት አይወርድም። ኤርፖድስ ድምፅን ጨምቆ ለመላክ የሚያውቃቸው መንገዶች ኤስቢሲ እና ኤኤሲ የሚባሉት ሁለቱ ናቸው፤ ከአይፎን ጋርም የሚጠቀመው ኤኤሲን ነው። የሳምሰንግ ስልክም ኤኤሲን ያውቃል። እየተጠቀመበት መሆኑን ለማረጋገጥ በስልኩ መረጃ ገጽ ላይ `Build number` የሚለውን ሰባት ጊዜ ነክቶ `Developer options` ን መክፈት፣ ከዚያም ሙዚቃ እየተጫወተ `Bluetooth audio codec` የሚለውን ማየት ነው። `SBC` ከሆነ ወደ `AAC` መቀየር ይቻላል።

የአካባቢን ጫጫታ የማጥፋት ችሎታም አይነካም፤ ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ይመስላቸዋል። ጫጫታው የሚጠፋው ማይክሮፎኖቹ የውጭውን ድምፅ ለቅመው፣ በማዳመጫው ውስጥ ያለችው ኤች2 ቺፕ የዚያኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ስትፈጥር ነው። ይህ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ መከናወን ስላለበት ወደ ስልክ ልኮ መልስ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ስልኩ የማንም ይሁን የማን ለውጥ የለውም፤ ግንዱን ተጭኖ በመያዝ ጫጫታ ከማጥፋት ወደ ውጭውን ወደማስሰማት መቀየርም ከሳምሰንግ ጋር እንዳለ ይሠራል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ጆሮን በመለየትና በባትሪ መጠን ላይ ነው። ከአይፎን ጋር አንዱን ማዳመጫ ከጆሮ ሲያወጡት ሙዚቃው በራሱ ይቆማል፤ የግራው፣ የቀኙና የማስቀመጫው ባትሪም ለየብቻ ይታያል። ከጋላክሲ ጋር ሙዚቃው ወደ ኪስ በገባ ማዳመጫ ውስጥ መጫወቱን ይቀጥላል። ሴንሰሩ ግን አልተኛም። ኤርፖድስ በአቅራቢያው ላለ መሣሪያ ሁሉ የሚሰማ አጭር የሬዲዮ መልእክት ይበትናል፤ በዚያ መልእክት ውስጥ የእያንዳንዱ ባትሪ መጠን በ10 በመቶ እርከን፣ የትኛው ጆሮ ውስጥ እንዳለም ጭምር ተጽፏል። መልእክቱ ጋላክሲው አንቴና ላይ ይደርሳል፤ የአጻጻፉን ስልት ግን አፕል ለሌሎች አልነገረም። ይህን መልእክት ፈትቶ የሚያነብ `CAPod` የተባለ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሲጫን ባትሪው ይታያል፣ ማዳመጫው ሲወጣም ሙዚቃው ሊቆም ይችላል። በማዳመጫው ላይ የተጨመረ አንዳች ነገር የለም።

ጭንቅላት ሲዞር ድምፁ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ እንዲሰማ የሚያደርገው ስፓሻል ኦዲዮ ግን የተለየ ነው። የጭንቅላትን እንቅስቃሴ የሚለካው ማዳመጫው ቢሆንም ድምፁን በዚያ ልክ የሚያሰላው ስልኩ ነው። አንድሮይድ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ተመሳሳይ አገልግሎት አለው፤ ኤርፖድስና አንድሮይድ ግን የእንቅስቃሴውን መረጃ በአንድ ዓይነት መንገድ አይለዋወጡም። እዚህ ላይ ሌላው ወገን ሠርቶ ማሟላት ያለበት እውነተኛ የምህንድስና ሥራ አለ።

ብዙዎቹ አገልግሎቶች የቀሩት በአምራቹ ውሳኔ ለመሆኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነው ማስረጃ ከአንድ ቁጥር የመጣ ነው። በብሉቱዝ ደንብ እያንዳንዱ ኩባንያ መለያ ቁጥር አለው፤ የአፕል 76 ነው። `LibrePods` የተባለው ክፍት ፕሮጀክት ኤርፖድስ ከስልክ ጋር የሚለዋወጠውን የግል ንግግር ሲያጠና፣ የአንድሮይድ ስልክ ራሱን በ76 ሲያስተዋውቅ ከሁለት መሣሪያ ጋር በአንዴ መገናኘትና የመስማት ችግርን የሚያግዘው ክፍል ማስተካከያ እንደሚከፈቱ አሳይቷል። አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ሩት ማድረግ ስለሚጠይቅ ለተራ ተጠቃሚ የሚመከር መፍትሔ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ አገልግሎቶች የቀሩት ጋላክሲው አቅም ስላነሰው ሳይሆን በር ላይ ስሙ ስለተጠየቀ መሆኑን በግልጽ ያስረዳል።

ለዚህ የሚቀርበው መቃወሚያ ቀላል አይደለም። አፕል የሚቆጣጠረው የራሱን ስልክ ብቻ ስለሆነ በሺህ በሚቆጠሩ የአንድሮይድ ዓይነቶች ላይ ሞክሮ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ይባላል። ለመስማት ማገዣው ይህ ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የፈቀደው የሕክምና ሶፍትዌር ነውና። ባትሪን በቁጥር ለማሳየት ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ በአንድ ግቢ የሚቀመጡ ሁለት ነገሮች በአንድ ቁልፍ መዘጋታቸው ነው ክርክሩን የሚያዳክመው። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አፕል የሌሎች አምራቾች ዕቃዎች በቀላሉ እንዲጣመሩ አይፎንን እንዲከፍት ሲያዝ ያየው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ትእዛዙ ግን የሌላን ማዳመጫ ከአይፎን ጋር ለሚያገናኝ እንጂ ኤርፖድስን ከጋላክሲ ጋር ለሚያገናኝ አይደርስም። ሳምሰንግም ከዚህ ነፃ አይደለም። ጋላክሲ በድስ 2 ፕሮ ባለ 24 ቢት ድምፅ የሚቀበለው ከሳምሰንግ ስልክ ብቻ ነው፤ ለአይፎን ማስተካከያ መተግበሪያ ስለሌለው ባለቤቱ የድምፁን ቅንብር መቀየርም ሶፍትዌሩን ማደስም አይችልም።

ኤርፖድስ ይዞ ጋላክሲ የሚጠቀም ሰው በጣም ሊያስብበት የሚገባው ጉዳት እዚሁ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ወዲያው አይታይም። የማዳመጫው የውስጥ ሶፍትዌር የሚታደሰው በአፕል መሣሪያ በኩል ብቻ ነው፤ ጋላክሲ ላይ ለዓመታት ቢሠራ እንኳ በመጣበት እትም ይቀራል፣ የስሕተት እርማትም አይደርሰውም። መላው ግን ቀላል ነው። የቤተሰብ ወይም የጓደኛ አይፎን ተውሶ ማጣመር፣ ግንዱ ሲያዝ በየትኞቹ ሁኔታዎች መካከል እንደሚቀያየር በዚያው መምረጥ፣ ከዚያ ማዳመጫውን ማስቀመጫው ውስጥ ከትቶ ቻርጅ እየተደረገ ዋይፋይ ካለው አይፎን አጠገብ ማቆየት ነው። የመረጡት የግንድ አሠራር በማዳመጫው ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደ ጋላክሲ ሲመለስ አይጠፋም። ሥራው ሲያልቅ ኤርፖድሱን ከተዋሱት አይፎን አካውንት ላይ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ካልወጣ ያለበትን ቦታ የሚያየው የአይፎኑ ባለቤት ነው።