ከሽንፈት በኋላ ተንበርክኮ

ነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ.፣ ሳውዝ ዊሊያምስፖርት፣ ፔንሲልቫኒያ። በዓለም የታዳጊዎች ቤዝቦል ውድድር ላይ የሮድ አይላንድ ግዛት የከምበርላንድ ቡድን በቺካጎ ልጆች 8 ለ 7 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ቢሆንም የሽንፈቱ ክብደት ከውጤቱ በላይ ነበር፤ ልጆቹ ያለቅሱ ነበር።

አሰልጣኙ ዴቭ ቤሊል ሜዳው ላይ ሰበሰባቸውና ተንበረከከ። መጀመሪያ ያዘዛቸው ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን እንዲያዩት ነበር። ከዚያ ጥረታቸው ቅንጣት እንዳላሳዘነው ነገራቸው። ማስረጃም አቀረበ፦ የውጤቱን መቀራረብ፣ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት እጅ አለመስጠታቸውን። ማንንም ልጅ ለይቶ አልወቀሰም፤ ፍቅሩንና ኩራቱንም አልደበቀም። ድምፁ በቴሌቪዥን ማይክሮፎን ተቀርጾ ስለነበር ንግግሩ በሚሊዮኖች ዘንድ ደረሰ።

ንግግሩ ለምን ሠራ? ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ያሳተሙት ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ፈተናን በደንብ ከሠሩ በኋላ «ጎበዝ ናችሁ» የተባሉ ተማሪዎች ከባድ ጥያቄ ሲያቅታቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ሙከራውን ቀጠሉ። ሽንፈት «ችሎታ የለህም» የሚል ፍርድ ሆኖ አልታያቸውምና።

ይህ የሚሠራው ግን ምስጋናው እውነት ሲሆን ነው። ሳይሮጥ የዋለን ልጅ «ታግለሃል» ቢሉት ውሸቱን ቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ነው። ደግሞም የሜዳው ንግግር ትምህርቱን አይጨርሰውም። የተሳሳተ ውርወራን ማረም ለቀጣዩ ልምምድ ቢቆይ ይሻላል፤ እንባው ያልደረቀ ልጅ ዝርዝር እርማትን እንደ ወቀሳ ይሰማዋል።