የሸረሪቷ ባዶ ዓምድ

ስፓይደር ሶሊቴርን በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የለመዱ ሰዎች ታሪክ ይመሳሰላል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጨዋታው ገና ሲጀመር ደረጃ ያስመርጥ ነበር፤ ባለ አንድ ምልክት፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት። ጀማሪው በአንድ ምልክት ይገባል፣ ጥቂት ቀን ይሸነፋል፣ ከዚያ ማሸነፍ ይለምዳል። እጁ ተፍታቶ ወደ ሁለት ምልክት ሲሻገር ግን ትናንት ያዋጣው አካሄድ ሁሉ ዛሬ ያንቀዋል። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ፤ ምክንያቱ የገባኝም ዘግይቶ ነው።

የካርታው ብዛት በየትኛውም ደረጃ ያው 104 ነው፤ ሁለት ሙሉ ካርታ ማለት ነው። ከነዚህ 54ቱ በ10 ዓምዶች ይደረደራሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓምዶች ስድስት ስድስት፣ የቀሩት ስድስቱ አምስት አምስት ካርታ ይይዛሉ። በየዓምዱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ያለው አንድ ካርታ ብቻ ስለሆነ፣ ሲጀመር 44 ካርታዎች ፊታቸውን ደፍተዋል። የተረፉት 50ዎቹ ለአምስት ዙር ዕደላ ይቀመጣሉ፤ በየዙሩ በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ አንድ አንድ ካርታ ይወርድበታል። ግቡ ከንጉሥ እስከ አስ 13 ካርታዎችን በአንድ ምልክት ማሰለፍ ነው። የሞላ ሰልፍ ከገበታው ይነሳል፤ እንደ ሸረሪት እግር ስምንት ሰልፍ ሲነሳ ጨዋታው ያልቃል።

የክብደቱ ምሥጢር ያለው በአንዲት ደንብ ውስጥ ነው። አንድ ካርታ በአንድ ቁጥር በሚበልጠው በማንኛውም ካርታ ላይ ማረፍ ይችላል፤ ምልክቱ ባይመሳሰልም። ተያይዘው አብረው መነሳት የሚችሉት ግን ምልክታቸው አንድ የሆኑ ካርታዎች ብቻ ናቸው። የኸርት 9 በስፔድ 10 ላይ ቢቀመጥ ቅር የሚለው የለም። ነገር ግን ያ 10 ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተቆልፏል፤ 9ኙ ሌላ ማረፊያ እስኪያገኝ ድረስ ንቅንቅ አይልም።

እስቲ አንድ 9 ይዘን ማረፊያ እንፈልግለት። በገበታው ላይ ባጠቃላይ ስምንት 10ሮች አሉ። በአንድ ምልክት ሲጫወቱ ስምንቱም የራሱ ወገን ናቸው፤ የትም ቢያርፍ ተያይዞ ይነሳል። በሁለት ምልክት ወገኖቹ አራት ናቸው። በአራት ምልክት ሁለት ብቻ ይቀራሉ፤ በስድስቱ ላይ ቢያርፍ ይቆልፋቸዋል። ማረፊያው አልጠበበም፤ የጠበበው መነሻው ነው። በአንድ ምልክት «የሚሄድ ካርታ ካለ አንቀሳቅስ» የሚለው ልማድ ብዙም አይጎዳም። በሁለትና በአራት ግን ምልክት ያቀላቀለ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ብድር ነው፤ ቆይቶ መከፈሉ አይቀርም።

ብድሩ የሚከፈለው በባዶ ዓምድ ነው። ባዶ ዓምድ ማንኛውንም ካርታ፣ ንጉሥን ጨምሮ፣ ይቀበላል። ንጉሥ በሌላ ካርታ ላይ ስለማያርፍ ከባዶ ዓምድ በቀር መሄጃ የለውም። ጀማሪ ግን ዓምድ ባዶ ባደረገ ቁጥር አንድ ንጉሥ ወስዶ ይተክልበትና እፎይ ይላል። ንጉሡ ሲነሳ ሥሩ የተደፋ ካርታ የሚገለጥ ከሆነ፣ ወይም ወገኗ የሆነችው ንግሥት ልትከተለው ከተዘጋጀች ያዋጣል። ካልሆነ ግን ብቸኛው የሥራ ቦታችን በንጉሡ ተያዘ ማለት ነው።

ባዶው ዓምድ እንደ ሥራ ቦታ ሲያገለግል እንዴት እንደሆነ በሁለት ምልክት ጨዋታ እንየው። አንደኛው ዓምድ መጨረሻ ላይ በተራ ስፔድ 10፣ ኸርት 9፣ ስፔድ 8 አሉ። የሌላው ዓምድ መጨረሻ ኸርት 10 እና ስፔድ 9 ነው። ሁለቱም የተቀላቀሉ ናቸው። በአንድ በኩል ደግሞ አንድ ባዶ ዓምድ አለን። መጀመሪያ ስፔድ 8ን አንስተን በወገኑ በስፔድ 9 ላይ እናሳርፈዋለን። አሁን 9ኙና 8ቱ ስለተያያዙ ሁለቱን በአንድ ላይ ወደ ባዶው ዓምድ እንወስዳለን። ኸርት 10 ነጻ ስለወጣ ኸርት 9ን እንሰጠዋለን። በመጨረሻም ባዶው ዓምድ ላይ ያስጠለልናቸውን ጥንዶች በስፔድ 10 ላይ እንመልሳቸዋለን። በአራት እንቅስቃሴ ሁለቱም ሰልፎች ከቅልቅል ጠሩ፤ ባዶው ዓምድም እንደገና ባዶ ሆነ። ተጠቅመንበት አልጨረስነውም። የጥሩ ተጫዋች መለያ ይኸው ነው፤ ባዶ ዓምድ ሲያበድር ተመልሶ የሚመጣበትን መንገድ አስቀድሞ ያያል።

ባዶ ዓምዶች ሲደመሩ ጉልበታቸው በእጥፍ ያድጋል። በአንድ ባዶ ዓምድ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች ያሉትን ቅልቅል ሰልፍ ወደ ሌላ ካርታ ማዛወር ይቻላል፤ በሁለት ባዶ ዓምድ አራት ቁራጭ ድረስ። ስለዚህ ሁለተኛው ባዶ ዓምድ ሲገኝ የታሰረ የሚመስል ገበታ ድንገት ይፈታል።

ታዲያ የትኛውን ዓምድ ባዶ እናድርግ? አጫጭሮቹን። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ዓምዶች የተደፋባቸው ካርታ አራት አራት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አምስት አምስት አለባቸው። ጥረትን በሁሉም ላይ ከመበተን አንድ ሁለቱን መርጦ ወደ ውስጥ መቆፈር ይሻላል። ማቀላቀል ግድ ሲሆንም ከትልልቁ ቁጥር መጀመር ይበጃል። ንግሥት ላይ ያረፈ ጃክ ከሥሩ ገና አሥር ካርታ ማስከተል ይችላል፤ 3 ላይ ያረፈ 2 ግን ከአስ በቀር የሚከተለው የለም። አስ ላይ ደግሞ ምንም አያርፍም።

ብዙዎች የሚወድቁት በዕደላው ላይ ነው። በዊንዶውሱ ስፓይደር ባዶ ዓምድ እያለ ማደል አይፈቀድም፤ በደከምንበት ባዶ ቦታ ላይ የግድ ካርታ ማስቀመጥ አለብን። በዚህ ጊዜ ከአንድ ቅልቅል ሰልፍ ጫፍ ቆላፊውን አንድ ካርታ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ ነው። የተቆለፈው ሰልፍ ይፈታል፤ ያ ዓምድም ከዕደላው በኋላ ሁለት ካርታ ብቻ ስለሚኖረው እንደገና ባዶ ለማድረግ ከሁሉም ይቀላል። ከማደላችን በፊትም የሚጠራውን ቅልቅል ሁሉ ማጥራት ይገባል፤ አዲሶቹ አሥር ካርታዎች በየሰልፉ ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ያው ሥራ እጥፍ ይሆናል።

ሙሉ ሰልፍን ገና ከመጀመሪያው ማሳደድም ሌላው ስሕተት ነው። ለአንዲት የስፔድ 6 ሲባል ሦስት ዓምድ ማቀላቀል አያዋጣም፤ በሁለት ምልክት ጨዋታ አራት ስፔድ 6ቶች አሉና አንዷ በኋላ በዕደላ ልትመጣ ትችላለች። የተደፉት ከተገለጡ፣ ባዶ ዓምድ ከተገኘና ቁራጮቹ ከጠሩ፣ አሥራ ሦስቱ ራሳቸው ይገጣጠማሉ። ሦስተኛው ዕደላ አልፎ አንድም ባዶ ዓምድ ካልታየና የየዓምዱ ጫፍ በቅልቅል ከተቆለፈ፣ ጨዋታው መታነቁን የሚያሳይ ምልክት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሰልፍ ዘግይቶ ቢነሳ ግን አያሳስብም። ሲነሳ አሥራ ሦስት ካርታ በአንዴ ከገበታው ይወጣል፤ ንጉሡ የቆመው በዓምዱ መነሻ ላይ ከነበረም የሚቀረው አዲስ ባዶ ዓምድ ነው፤ ሁለተኛው ሰልፍ የሚሠራበት ቦታ።