እንግዳውን ከመስኮቱ በየት በኩል እናስቀምጠው?

ቤት ውስጥ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሜራው ሳይሆን የወንበሩ ነው። እንግዳው ለመስኮቱ ጀርባውን ከሰጠ ፊቱ ይጠቁራል። ካሜራው መስኮቱን ከኋላው ካደረገ ደግሞ ፊቱ በሙሉ እኩል ይበራና እንደ ጉርድ ፎቶ ዝርግ ይሆናል።

በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር ልንቀርጽ ነው እንበል። መጀመሪያ የጣሪያውን መብራት እናጥፋ። ወንበራቸውን መስኮቱ በግራቸው ከፊት ሰያፍ እንዲውል፣ ከእሱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንዲርቅ እናደርጋለን። ከኋላቸው ካለው ግድግዳም ቦታው የፈቀደውን ያህል እናርቃቸው። ጠያቂው የሚቀመጠው ከካሜራው አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። መምህሩ ጠያቂውን ሲያዩ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ይዞራል፤ ለካሜራው የቀረበው ጉንጫቸው ግን ጥላ ይይዛል። የፊት ቅርጽ የሚወጣው በዚህ ጥላ ነው።

ፀሐይ በቀጥታ ከገባች በስስ ነጭ መጋረጃ ወይም በነጠላ እንጋርዳት። የአውሮፓ ባለሙያዎች የሰሜን መስኮትን የሚመርጡት ፀሐይ ስለማይገባበት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ፀሐይዋ በቀትር በሰሜን በኩል ታልፋለች። በእነዚህ ወራት በሰሜን መስኮት ብቻ መተማመን አይቻልም።

ሪፍሌክተሩ ጥላው ባለበት በኩል፣ በፊት ከፍታ ይቆማል። ነጭ ካርቶን ይበቃል፤ ብርማው ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ስለሚተው እኔ አልወደውም። ከአንድ ሜትር ተነስተን ቀስ እያልን እናስጠጋው፤ በጥላው በኩል ያለችው ዓይን በደንብ ስትታይ እናቁም። የአፍንጫው ጥላ ጨርሶ ከጠፋ አብዝተነዋል። ካርቶኑን መሬት ላይ መዘርጋት ግን አይመከርም፤ ከአገጭ በታች የሚመጣ ብርሃን ፊትን ያስፈራል።

ብዙዎች አምፖሉን ፊት ላይ ማብራት ይቀናቸዋል። የመስኮቱ ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የቤት አምፖል ወደ ቢጫ ስለሚያደላ አንዱ ጉንጭ ብርቱካናማ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራውን በቀን ብርሃን፣ 5600 ኬልቪን አካባቢ ላይ እናስተካክልና አምፖሉን ወደ ኋላ እንውሰደው። ከመምህሩ ኋላ፣ ከመስኮቱ ተቃራኒ በኩል፣ ካሜራው በማያየው ቦታ ሆኖ ፀጉራቸውንና ትከሻቸውን ቢነካ ጥቁር ፀጉር ከጨለማው ግድግዳ ይለያል። እዚያ ቢጫነቱ አይጎዳም፤ እንዲያውም ያሞቃል። ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ. ምስሉን ካርገበገበው የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ የሚሠራ ነውና።

የቀረው ደመና ነው። የብርሃን ልኩ በካሜራው አውቶማቲክ ከተተወ በአንድ መልስ መሀል ፊቱም ግድግዳውም ይፈካል፣ ይደበዝዛል። ልኩን እንቆልፈው፤ ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎችም እናስቀድም። ደመናው ከመጣ እስኪያልፍ ጠብቀን ጥያቄውን ከመጀመሪያው እንደግመዋለን፤ ግማሹ ብሩህ ግማሹ ጨለማ የሆነ መልስ ኤዲት ላይ አይገጣጠምም።