ለአከራይ የሚጻፍ የጥገና ጥያቄ

ተከራይ የተበላሸ ነገር እንዲጠገንለት ለአከራዩ የሚልከውን ኢሜይል በመጀመሪያ የሚያነበው አከራዩ ነው። ጉዳዩ ከከረረ ግን ዳኛም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ለአንዱ ጨዋ፣ ለሌላው ማስረጃ መሆን አለበት።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ የጽሑፉ ጥቅም በግልጽ ይታያል። በግዛቱ ሕግ መሠረት፣ ጤናን ወይም ደህንነትን የሚያሰጋ ብልሽት በጽሑፍ የተነገረው አከራይ ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ፣ በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር መዘግየቱ ያለአግባብ እንደሆነ ይገመታል። ስልክ ተደውሎ የተነገረ ነገር ይህን ቆጠራ ለማስጀመሩ ማረጋገጫ የለውም። ኢሜይልም ቢሆን የኪራይ ውሉ መፍቀዱን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ካልፈቀደ ያው ጽሑፍ በፖስታ ይላካል።

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ውሃ እያፈሰሰ ቁም ሣጥኑን ሻጋታ ያስያዘበት ተከራይ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ሥር ያለው ቧንቧ አሁንም ያፈሳል። ጃንዋሪ 6 ደውዬ ነግሬዎታለሁ፤ ጃንዋሪ 15 ደግሞ በስልክዎ መልእክት ልኬያለሁ። ጃንዋሪ 20 የላኩት ባለሙያ መጥቶ መጋጠሚያውን አጥብቆት ነበር፣ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም በማግሥቱ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ሻጋታውን የሚያሳዩ ፎቶዎች አያይዣለሁ። እስከ ፌብሩወሪ 10 እንዲጠገን እጠይቃለሁ። ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን ቀደም ብለው ካሳወቁኝ በሩን እከፍታለሁ።»

የዚህ ጽሑፍ ጉልበት ወቀሳ አለመያዙ ነው። «ስንቴ ነገርኩዎት፣ ቸል አሉኝ» ቢባል አከራዩ መከራከር ይጀምራል፤ ቀኖቹ ሲደረደሩ ግን የሚከራከርበት ነገር ያጣል። ባለሙያ መላኩ መጠቀሱም ውለታን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ አከራዩ ብልሽቱን ያውቅ እንደነበር ያሳያል። ከስልክ ጥሪው በኋላ ምንም ማስታወሻ ያልያዘ ተከራይ የስልኩን የጥሪ መዝገብ ማየት ይችላል። በግምት ቀን መጻፍ አያዋጣም፤ አንዱ ቀን ስህተት ሆኖ ከተገኘ የቀሩትም ይጠረጠራሉ።

ኢሜይሉ ጃንዋሪ 27 ከተላከ የተሰጠው ጊዜ 14 ቀን ነው። ባለሙያ ለማግኘትና ዕቃ ለመግዛት ይበቃል፤ ከ30 ቀኑም በጣም ስለሚያጥር አንድ ጊዜ ለማስታወስ ፋታ ይተዋል። «በአስቸኳይ» ብቻ ማለት ግን ቀን መስጠት አይደለም። በክረምት ማሞቂያ ቢጠፋ ወይም የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ቤት ቢመለስ ግን ሁለት ሳምንት ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ይደወላል፣ የተባለውም በዚያው ቀን በኢሜይል ይጻፋል።

ቀኑ አልፎ ምንም ካልተደረገ ብዙዎች ኪራዩን ለመያዝ ይቸኩላሉ። ይህ በቨርጂኒያ አደገኛ ነው፤ አከራዩ በኪራይ አለመክፈል የማስለቀቅ ክስ ሊያቀርብ ይችላል። ሕጉ የሚፈቅደው መንገድ ሌላ ነው፦ ተከራዩ ለአካባቢው ፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀርባል፣ ኪራዩንም ለአከራዩ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ገቢ ያደርጋል። ከአቤቱታው ጋር የሚያያዘው ያ ኢሜይል ነው።