የተገናኙ የሚመስሉ መንገዶች

የመንገድ ሌየር የመስመሮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ መስመር ተከታትለው የተመዘገቡ ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ ጫፎቹ ናቸው። ከቦታ ቦታ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ የሚያፈላልግ ፕሮግራም መስመሮቹን እንደ ሥዕል አያያቸውም። የሚመለከተው ጫፎቻቸውን ነው። የሁለት መስመሮች ጫፍ ፍጹም አንድ ቦታ ላይ ሲውል ያ ቦታ ኖድ ይባላል፤ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው መታጠፍ የሚቻለውም እዚያ ብቻ ነው። ጫፎቹ በአሥር ሴንቲሜትር እንኳ ከተራራቁ መታጠፊያ የለም። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው የአጭር መንገድ ስሌት ጀምሮ ከእሱ ወዲህ የመጡትም የሚሠሩት በዚህ የኖድና የመስመር መረብ ላይ ነው። በመረቡ ውስጥ የሌለን መገናኛ ማንኛቸውም አይፈጥሩትም።

ችግሩ ለዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ካርታው በስክሪን ላይ ሲከፈት የግማሽ ሜትር ክፍተት ከመስመሩ ውፍረት ያነሰ ስለሆነ ሁሉም ነገር የተጋጠመ ይመስላል። ጉድለቱ የሚገለጠው መንገድ ሲጠየቅ ነው። ፕሮግራሙ አጠገብ ላጠገብ ባሉ ሁለት ቦታዎች መካከል «መንገድ የለም» ይላል፤ ወይም ደግሞ ይበልጥ አሳሳች በሆነ መልኩ በሦስት ሰፈር ዞሮ የሚመጣ ረጅም መንገድ ያቀርባል። የመጀመሪያው ስሕተት ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው ግን ትክክለኛ መልስ ስለሚመስል አካባቢውን የማያውቅ ሰው ሳይጠራጠር ይቀበለዋል።

ስሕተቶቹ በጥቂት መልኮች ይመጣሉ። ቅያሱ ዋናውን መንገድ ሳይነካ ጥቂት ቀድሞ ይቆማል። ወይም ዋናውን መንገድ አልፎ ትንሽ ጭራ ያስከትላል። ወይም ሁለት መስመሮች መሀል ለመሀል ተቆራርጠው ሳለ በመገናኛው ላይ ኖድ ሳይኖር ይቀራል። ወይም አንድ ወጥ መሆን የነበረበት መንገድ ሁለት ቦታ ተሥሎ ጫፎቹ ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ ይህ በተለይ የተለያዩ ሰዎች የተለያዩ ወረዳዎችን ሠርተው በኋላ ሲቀላቀሉ ይበዛል። አንዱ ጫፉ ከማንም ጋር ሳይገጥም የቀረ መስመር ተንጠልጣይ ይባላል። ተንጠልጣይ ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም። የሥራው ከባድ ክፍልም እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ነው።

ማስተካከያው የሚጀምረው የማጋጠሚያ ርቀትን በመወሰን ነው፤ ማለትም በምን ያህል ርቀት ያሉ ጫፎች እንደ አንድ ይቆጠሩ የሚለውን። ርቀቱ ካነሰ ክፍተቶች ይቀራሉ። ከበዛ ደግሞ የማይገናኙ መንገዶች ይጣበቃሉ። የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ ላየ ሰው አደጋው ግልጽ ነው፤ ዋናው የተሽከርካሪ መስመርና ከጎኑ ያለው የአገልግሎት መንገድ ጎን ለጎን ቢሄዱም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገባው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ልቅ በሆነ ርቀት የተጋጠመ ሌየር ተሽከርካሪን በአጥር ውስጥ ያሳልፋል። ርቀቱን ከሌላ ሰው ሥራ መቅዳትም አያዋጣም፤ ከራሱ ከሌየሩ መለካት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ተንጠልጣይ ጫፍ እስከ ቅርቡ ሌላ መስመር ያለው ርቀት ተለክቶ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች የተሰበሰቡ በርካታ ክፍተቶች ይታያሉ፤ እነዚህ የእጅ ስሕተቶች ናቸው። ከዚያ ቁጥሮቹ ይሳሳሉ፣ ቀጥሎም ከብዙ ሜትር ጀምሮ እውነተኛ ርቀቶች ይመጣሉ። የማጋጠሚያው ርቀት ከሳሳው ቦታ ላይ ይመረጣል።

እዚህ ላይ የመለኪያ አሃዱ መረጋገጥ አለበት። ሌየሩ በኬክሮስና ኬንትሮስ ዲግሪ የተቀመጠ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ቁጥር በዲግሪ ይረዳዋል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አራት ሜትር ለማለት የተጻፈ «4» ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ በዚህ ልክ ተንጠልጣይ ይወገድ ቢባል በከተማው ውስጥ አንድም የማያሳልፍ ቅያስ አይተርፍም። ስለዚህ ሌየሩ በቅድሚያ በሜትር ወደሚለካ ሥርዓት ይቀየራል፤ ለአዲስ አበባ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ተስማሚ ነው።

ቀጣዩ ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሦስት መንገዶች ቢታይ ይቀላል። ዋናው መንገድ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ቀጥ ያለ 600 ሜትር መስመር ነው እንበል፤ ከሁለቱ ጫፎቹ በቀር መሀሉ ላይ ነጥብ የለውም። አንደኛው ቅያስ ከደቡብ መጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሊደርስ 0.4 ሜትር ሲቀረው ይቆማል። ሁለተኛው ቅያስ ከሰሜን መጥቶ ዋናውን መንገድ በ1.5 ሜትር ያልፋል። ሁለቱ ቅያሶች ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኙባቸው ቦታዎች 150 ሜትር ይራራቃሉ። እንዳለ ሲታይ ሌየሩ ሦስት የተለያዩ መስመሮችና ስድስት ተንጠልጣይ ጫፎች ያሉት ነው፤ ከደቡቡ ቅያስ ወደ ሰሜኑ መድረስ አይቻልም።

በቅድሚያ ተንጠልጣይ ይወገድ ቢባል ምንም አይስተካከልም። የ1.5 ሜትሩ ጭራ ገና ከ300 ሜትሩ ቅያስ ጋር አንድ መስመር ስለሆነ ለብቻው የሚወገድ ቁራጭ አይደለም። ርቀቱ ከፍ ቢደረግ ደግሞ መያያዝ የነበረበት የደቡቡ ቅያስ ራሱ ከካርታው ይጠፋል። ስለዚህ ማጋጠም ይቀድማል፣ መቆራረጥ ይከተላል፣ ማስወገድ የመጨረሻው ነው።

ማጋጠሙም የራሱ ወሰን አለው። በግራስ ውስጥ ያለው የ`v.clean` ትእዛዝ `snap` ሲባል ነጥብን ከነጥብ ጋር ነው የሚያጋጥመው። ጫፍ ለጫፍ ለተቃረቡ መስመሮች ይህ በቂ ነው። የደቡቡ ቅያስ ጫፍ ግን በዋናው መንገድ መሀል በአቅራቢያው የሚገጥምበት ነጥብ የለውም፤ ስለዚህ ባለበት ይቀራል። ጫፉን ገፍቶ በመስመሩ ላይ ማሳረፍም ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ኮምፒውተር የነጥቦችን አድራሻ በተወሰነ አሃዝ ስለሚይዝ፣ በመስመሩ ላይ ያረፈ የሚመስል ጫፍ ከመስመሩ እጅግ በጣም ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። መቁረጫው ያኔ መገናኛውን አያየውም።

ለዚህ ጥሩ መላ አለ፤ የሚጎድለውን መስመር ሆን ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ። በQGIS ውስጥ `Extend lines` የሚባለው መሣሪያ የመስመሮችን ጫፍ በተሰጠው ርቀት ያረዝማል። ጫፎቹ ሁሉ በ2 ሜትር ሲረዝሙ የደቡቡ ቅያስ ዋናውን መንገድ ቆርጦ 1.6 ሜትር ያልፋል፤ የሰሜኑ ጭራ ደግሞ 3.5 ሜትር ይሆናል። አሁን ሁለቱም ስሕተቶች አንድ ዓይነት ሆነዋል፤ በአንድ ትእዛዝም ይስተካከላሉ፦

```
v.clean input=roads_ext output=roads_clean \
  type=line tool=break,rmdangle threshold=0,4
```

`break` መስመሮቹን በተቆራረጡበት ቦታ ሁሉ ይከፍላቸዋል፣ `rmdangle` ደግሞ ከ4 ሜትር ያነሱትን ጭራዎች ያነሣል። ዋናው መንገድ ሦስት ቁራጭ ሆኖ በሁለት ቦታ ሦስት ሦስት መስመር የሚገናኝበት ኖድ ይገኛል። ተንጠልጣይ ጫፎቹ ከስድስት ወደ አራት ይወርዳሉ፤ የቀሩት አራቱ የመንገዶቹ እውነተኛ መጨረሻዎች ናቸው። በእነሱ ላይ የተጨመረው 2 ሜትር እንዳለ ይቀራል፤ ለአብዛኛው የመንገድ ፍለጋ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከግንብ ወይም ከደረጃ በዚህ በኩል የሚያበቃና ማዶ ካለው መንገድ 2 ሜትር የማይሞላ ቅያስ በዚህ መላ ይጣበቃል፤ አዳዲሶቹን መገናኛዎች በሳተላይት ምስል ላይ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የማስወገጃው ርቀት ከጭራዎቹ ርዝመት ትንሽ ብቻ መብለጥ አለበት። ካርታውን «ለማጥራት» ተብሎ 50 ሜትር የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ይህ ጎጂ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከዋናው መንገድ ገባ ብለው በሚያልቁ አጫጭር ቅያሶች የተሞሉ ናቸው፤ አምቡላንስ ወይም ዕቃ አድራሽ የሚሄድበት ቤት የሚገኘውም እዚያ ነው። ሌየሩ በከተማው ወሰን ላይ ሲቆረጥ የተንጠለጠሉት መንገዶችም ስሕተት አይደሉም፣ መነካት የለባቸውም።

ድልድዮች ለብቻ መያዝ አለባቸው። በጎተራ ማሳለጫ ላይ መንገዶች አንዱ ባንዱ ላይ ያልፋሉ፤ በካርታው ላይ ይቆራረጣሉ፣ በመሬት ላይ ግን አይገናኙም። `break` ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው እዚያም ኖድ ያስገባል፤ ፕሮግራሙም ከላይኛው መንገድ ወደ ታችኛው ቀጥ ብሎ ያስወርዳል። ከኦፕንስትሪትማፕ በተወሰደ ሌየር ውስጥ `bridge`፣ `tunnel` እና `layer` የሚሉት መለያዎች እነዚህን መንገዶች ለይቶ ለማውጣት ያስችላሉ። ከማርዘሙ በፊት ድልድዮቹ ለብቻ ይቀመጣሉ፣ የተቀረው ይጸዳል፣ ከዚያ ድልድዮቹ ተመልሰው ጫፎቻቸው ብቻ ከመንገዶቹ ጫፍ ጋር ይጋጠማሉ። በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሁለት መንገዶች የሚገናኙት አንድ ነጥብ ሲጋሩ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ በተሠራበት አካባቢ በነዚያ የጋራ ነጥቦች ላይ መክፈል ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ማርዘምም አያስፈልግም።

ሥራው መሳካቱ የሚታወቀው የተያያዙ ክፍሎችን በመቁጠር ነው። በግራስ ይህ እንዲህ ይጠየቃል፦

```
v.net.components input=roads_clean \
  output=roads_comp method=weak
```

እርስ በርስ የሚደራረሱ መስመሮች ሁሉ አንድ የክፍል ቁጥር ያገኛሉ። በደንብ የተጋጠመ የከተማ ሌየር አንድ እጅግ ትልቅ ክፍልና ጥቂት ቁርጥራጮች ይኖሩታል። ክፍሎቹ በየቀለማቸው ሲሣሉ ከትልቁ የተለዩት ወዲያው ጎልተው ይወጣሉ፤ ከነዚህ አብዛኞቹ ከተመረጠው ርቀት የሰፋ ክፍተት ያለባቸው ስለሆኑ አንድ በአንድ በእጅ ይታረማሉ። የአንድ አቅጣጫ መንገዶች ከተመዘገቡ ደግሞ `method=strong` ተብሎ ከነአቅጣጫ ዓምዶቹ እንደገና መሞከር አለበት፤ መግባት እንጂ መውጣት የማይቻልባቸው ሰፈሮች የሚጋለጡት ያኔ ነው።

አንድ ስሕተት ግን ይህን ፈተና አልፎ ይቀራል። መስመር ሲከፈል ቁራጮቹ የቀድሞውን ሠንጠረዥ መረጃ እንዳለ ይወርሳሉ። የርዝመት ዓምድ ከነበረ ሦስቱም የዋናው መንገድ ቁራጮች «600» የሚለውን ይዘው ይቀራሉ፤ በመካከለኛው ቁራጭ 150 ሜትር የሚሄድ ሰው 600 ሜትር እንደሄደ ይቆጠርበታል፣ ፕሮግራሙም ያንን መንገድ መሸሽ ይጀምራል። ስለዚህ ርዝመትና የጉዞ ጊዜ ከተቆራረጠው መስመር እንደገና ይሰላሉ። በምሳሌው ከደቡቡ ቅያስ መጨረሻ እስከ ሰሜኑ መጨረሻ ያለው መንገድ 302፣ 150 እና 302 ሜትር ተደምሮ 754 ሜትር ነው፤ ፕሮግራሙ ወደ 1,201 ካለ የርዝመት ዓምዱ አልታደሰም።